በተጨናነቀ የሞባይል ክፍያ ገበያ ውስጥ ያልተያዘ ቦታን በአመለካከት ካርታ ማግኘት

የአመለካከት ካርታ ደንበኞች ተፎካካሪዎችን በምን በምን እንደሚለዩዋቸው በሁለት መስቀለኛ መስመሮች ላይ የሚያሳይ ሥዕል ነው። ሥዕሉን መሣል የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። የሚበላሸው ከዚያ በፊት ነው፦ ጥቂት ሰዎች ሰሌዳ ፊት ይቆሙና አግድም "ርካሽ – ውድ"፣ ወደ ላይ "ቀላል – ውስብስብ" ብለው ያሰምራሉ፤ ተፎካካሪዎቹን በግምት ይበትኗቸዋል፤ የራሳቸውን አፕ ደግሞ ማንም ያልደረሰበት ጥግ ላይ ያስቀምጡታል። እንዲህ ያለ ካርታ የሠሪዎቹን ምኞት እንጂ የገበያውን ሐሳብ አያሳይም። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ነጥቦቹም መስመሮቹም ከተጠቃሚው እንዲመጡ የሚያደርግ ነው። በምሳሌው ውስጥ ያሉት አፖችና ቁጥሮች ለማሳያ የተዘጋጁ ናቸው።

1. ገበያውን ትተው አንድ አጋጣሚ ይምረጡ

ለ"ሞባይል ክፍያ" በጅምላ ካርታ አይሠራም። ሰው ለዘመዱ ገንዘብ ሲልክ፣ ወርኃዊ ሂሳብ ሲከፍል እና ሱቅ ገብቶ ሲገዛ የሚያመዛዝናቸው አማራጮች አንድ አይደሉም፤ ከአፑ የሚጠብቀውም ይለያያል። ሦስቱን አጋጣሚዎች ቀላቅለው ከጠየቁ አማካዩ ሁሉንም አፕ ወደ መሐል ይሰበስበዋል፤ ካርታው ላይ አንድ እጅብታ ብቻ ይታያል። ስለዚህ አንድ አጋጣሚና አንድ ወገን ይምረጡ። የእኛ ምሳሌ ይህ ነው፦ ትንሽ ሱቅ ያለው ሻጭ፣ ገዢው ፊቱ ቆሞ በስልክ ሲከፍለው። የሚጠየቀው ሻጩ ነው።

የተፎካካሪዎቹን ዝርዝርም ከራስዎ አያውጡ። ለ15 ያህል ሻጮች "ትናንት የመጨረሻው ገዢ በዚህ አፕ ባይከፍልዎ ኖሮ በምን ይከፍል ነበር?" ብለው ይጠይቁ። ከሁለት በላይ ሰዎች የጠሩት ሁሉ ዝርዝሩ ውስጥ ይግባ። ጥሬ ገንዘብ በእርግጠኝነት ይጠራል፤ አፕ አይደለም ብለው እንዳያስወጡት። እ.ኤ.አ. በ2007 ኬንያ ውስጥ ሥራ የጀመረው ኤም-ፔሳ የተፎካከረው በአብዛኛው ከሌላ የሞባይል ክፍያ ጋር ሳይሆን በሰው እጅና በአውቶቡስ ከሚላክ ጥሬ ገንዘብ ጋር ነበር። በጠቅላላው ከስድስት እስከ ስምንት አማራጭ ይበቃል። ከዚያ ካነሰ ሥዕሉ ብዙም አይናገርም፤ ከበዛ ደግሞ መላሾቹ የማያውቁትን አፕ በግምት መመዘን ይጀምራሉ።

በምሳሌያችን አምስት አፖች አሉ፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እና ሠ። ስድስተኛው ጥሬ ገንዘብ ነው።

2. መለኪያዎቹን ከሻጮቹ አፍ ይሰብስቡ

"ለእርስዎ ምን ይጠቅማል?" ብሎ የጠየቀ "ፈጣን፣ አስተማማኝ፣ ርካሽ" የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል። ይህን ማንም ሳይጠይቅ ያውቀዋል። የሥነ ልቦና ባለሙያው ጆርጅ ኬሊ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያስተዋወቀው የሦስትዮሽ ዘዴ እዚህ ላይ በጣም ያግዛል። የአማራጮቹን ስም በየካርዱ ይጻፉና ሦስት ካርድ አውጥተው ሻጩ ፊት ያስቀምጡ፤ ከዚያም "ከነዚህ ሁለቱ የሚመሳሰሉበት፣ ሦስተኛው ግን የሚለይበት ነገር ምንድን ነው?" ብለው ይጠይቁ። መልሱን ቃል በቃል ይጻፉ። ካርዶቹን ቀይረው አምስት ስድስት ጊዜ ይድገሙት። ከ12 እስከ 15 ሰው ካነጋገሩ በኋላ አዲስ ነገር መምጣቱ ይቀንሳል።

እንዲህ ሲጠየቁ ሻጮች ስለ ፍጥነት ማውራት ያቆማሉ። "ይኼኛው ገንዘቡ ሲገባ ይጮኻል፤ እነዚያ ግን ስልኬን ከኪሴ አውጥቼ ማየት አለብኝ" ይላል አንዱ። ሌላው የገዢውን ስክሪንሾት እንደማያምን፣ ሐሰተኛ ማረጋገጫ ይዘው የሚመጡ እንዳሉ ይነግርዎታል። መስመር የሚሆነው እንዲህ ያለው አነጋገር ነው። "የክፍያ ማረጋገጫ ብቃት" ብለው ሳይቀይሩት "ገንዘቡ መግባቱን ስልኬን ሳልነካ አውቃለሁ" ብለው እንዳለ መጠይቁ ላይ ያስፍሩት። ተመሳሳዮቹን አዋህደው ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይያዙ።

3. መጠይቁን ያካሂዱ

እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ከ1 "በፍጹም አይገልጸውም" እስከ 7 "በሚገባ ይገልጸዋል" ባለ ደረጃ ይመዘናል። አንድ ሻጭ የሚመዝነው ባለፈው ወር የተቀበለባቸውን አፖች ብቻ፣ ቢበዛ ሦስት፣ እንዲሁም ጥሬ ገንዘብን ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ሰው ይሰለችና እስከ መጨረሻው ድረስ 5፣ 5፣ 5 እያለ ይወርዳል፤ እንዲህ ያለውን ቅጽ ይጣሉት። የአፖቹን ቅደም ተከተል ከመላሽ መላሽ ያፈራርቁ።

ለአንድ አፕ ቢያንስ 60 መዛኞች ያስፈልጋሉ። ባለ 7 ደረጃ መልስ ብዙውን ጊዜ በአማካዩ ዙሪያ 1.5 ገደማ ይበታተናል፤ በ60 ሰው አማካዩ ወደ ላይም ወደ ታችም 0.4 ያህል ሊዛነፍ ይችላል ማለት ነው። በሁለት አፖች መካከል ያለው ልዩነት ከ0.5 ካነሰ "ይበልጣል" ለማለት አይድፈሩ። 120 ሻጭ ሦስት ሦስት አፕ ሲመዝን 360 ምዘና ይገኛል፤ ለአምስት አፕ ሲካፈል 72 ይደርሳል። ችግሩ እኩል አለመከፋፈሉ ነው፦ ታዋቂው አፕ 110 ሲያገኝ አዲሱ 25 ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ብዙም የማይታወቀውን አፕ የሚጠቀሙ ሻጮችን ከመጀመሪያው ለይተው ይፈልጉ።

መልሱን አንድ ምዘና በአንድ ረድፍ አድርገው ያስገቡ፦ በመጀመሪያው ዓምድ መላሹ፣ በሁለተኛው አፑ፣ በሦስተኛው መለኪያው፣ በአራተኛው ነጥቡ። ከዚያ አማካዩን በአንድ ቀመር ማውጣት ይቻላል።

```
=AVERAGEIFS(D:D, B:B, "መ", C:C, "ማረጋገጫ")
```

4. ሁለቱን መስመሮች ይምረጡ

ካርታው የሚሳካውም የሚከሽፈውም እዚህ ላይ ነው። የምሳሌው አማካዮች እነዚህ ናቸው፤ የመጨረሻው ዓምድ በአምስቱ አፖች መካከል ብቻ ያለው ትልቁ ልዩነት ነው። ጥሬ ገንዘብን ከልዩነቱ ስሌት የምናወጣው ጠባዩ በጣም ስለሚርቅ ሁሉንም መለኪያ ሰፊ ስለሚያስመስል ነው።

| መለኪያ | ሀ | ለ | ሐ | መ | ሠ | ጥሬ ገንዘብ | ልዩነት |
|---|---|---|---|---|---|---|---|
| ገንዘቡ ቶሎ ይደርሳል | 6.1 | 5.9 | 5.8 | 6.0 | 5.7 | 6.3 | 0.4 |
| እተማመንበታለሁ | 6.0 | 5.9 | 5.6 | 5.5 | 5.4 | 5.7 | 0.6 |
| ለመጠቀም አያስቸግርም | 5.9 | 5.6 | 5.2 | 5.8 | 5.5 | 6.4 | 0.7 |
| መግባቱን ስልኬን ሳልነካ አውቃለሁ | 3.0 | 3.2 | 2.5 | 4.6 | 2.8 | 6.7 | 2.1 |
| የቀኑን ገቢ መዝግቦ ይይዝልኛል | 2.9 | 5.6 | 5.2 | 3.1 | 4.0 | 1.4 | 2.7 |
| ክፍያ ሲሰናከል ገንዘቡ የት እንዳለ ይነግረኛል | 2.4 | 2.7 | 2.5 | 2.6 | 2.3 | – | 0.4 |

ፍጥነት፣ እምነትና ቀላልነት ለሻጩ ዋና ነገሮች ናቸው፤ ግን ሁሉም አፕ ስላሟላቸው አይለያዩበትም። አስፈላጊ የሆነና የሚለይ ነገር አንድ አይደሉም። ልዩነቱ ከ1.5 በታች የሆነ መለኪያ መስመር አይሁን፤ አፖቹን አንድ ቦታ ላይ ይከምራቸዋል። በዚህ ማጣሪያ ማረጋገጫና መዝገብ ብቻ ይተርፋሉ።

ቀጥሎ ሁለቱ መስመሮች አንድን ነገር በሁለት ስም እየለኩ እንዳልሆነ ይፈትሹ። አንድን አፕ የወደደ ሰው በሁሉም መለኪያ ከፍ፣ የጠላው በሁሉም ዝቅ ያደርገዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ነጥቦቹ ሁሉ ከታች ግራ ወደ ላይ ቀኝ በሰያፍ ይሰለፋሉ፤ ካርታዎ "የተወደደ – ያልተወደደ" የሚል አንድ መስመር ሆኗል ማለት ነው። መድኃኒቱ ከእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ያው ሰው ለዚያው አፕ በሁሉም መለኪያ የሰጠውን አማካይ መቀነስ ነው። የሚተርፈው አፑ ከራሱ ጠባይ መካከል በየትኛው ጎልቶ እንደሚታይ ነው። ከዚህ በኋላም በሁለቱ መለኪያዎች መካከል ያለው ዝምድና በ`=CORREL` ሲሰላ ከ0.7 ከበለጠ አንዱን ይተኩት። ካርታው ራሱ ግን ባልተቀነሰው አማካይ ይሣላል፤ የተቀነሰው ለፍተሻ ብቻ ነው።

የሠንጠረዡ የመጨረሻ ረድፍ ለብቻው ትኩረት ይፈልጋል። ስለ ተሰናከለ ክፍያ ሁሉም አፕ እኩል ደካማ ነው፤ ስለዚህ የልዩነት ማጣሪያው ይጥለዋል። ማጣሪያው አልተሳሳተም፤ ካርታ የሚያሳየው ልዩነትን እንጂ የጋራ ድክመትን አይደለም። ግን ማንም ያልያዘው ቦታ ብዙ ጊዜ ያለው እዚህ ነው፤ ካርታውን ብቻ ያየ ቡድን በዚህ በኩል ያልፈዋል። ስለዚህ ልዩነታቸው ጠባብ፣ አማካያቸውም ከ3.5 በታች የሆኑትን መለኪያዎች ሌላ ወረቀት ላይ ያስቀምጡ። ደረጃ 6 ላይ ይመለሳሉ።

5. ሥዕሉ

መዝገብን በአግድም፣ ማረጋገጫን ወደ ላይ ያድርጉ። ሁለቱም ከ1 እስከ 7 በእኩል ርዝመት ይሁኑ፤ የስሌት ሶፍትዌሮች አንዱን ከ2 እስከ 6 ብቻ ይቆርጡና ትንሹን ልዩነት ገደል ያስመስሉታል። መስመሮቹ የሚገናኙት በ4 ላይ ሳይሆን በስድስቱ አማራጮች አማካይ ላይ ነው፤ እዚህ ላይ መዝገብ 3.7፣ ማረጋገጫ 3.8። በየነጥቡ ዙሪያ 0.4 ራዲየስ ያለው ክብ ያክሉ፤ ክቦቹ በሰፊው የተደራረቡ አፖችን ደንበኛው እንደ አንድ ያያቸዋል ብለው ይውሰዱ። ለ እና ሐ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ክቦቻቸው ግን ለጥቂት አይነካኩም።

ሲጠናቀቅ ለ፣ ሐ እና ሠ ከታች በስተቀኝ ይቀመጣሉ፦ መዝገብ አላቸው፣ ማረጋገጫቸው ደካማ ነው። ሀ ከታች ግራ ነው። መ እና ጥሬ ገንዘብ ላይኛው ግራ ናቸው። ላይኛው ቀኝ ባዶ ነው። ጥሬ ገንዘብን አውጥተው ቢሠሩት የማረጋገጫ አማካይ ወደ 3.2 ይወርዳልና ለ ልክ መስመሩ ላይ ይወጣል፤ ባዶው ሩብም በከፊል የተያዘ ይመስላል። ሻጩ ግን ማረጋገጫን የሚለካው እጁ ላይ ከሚቆጥረው ገንዘብ አንጻር ነው።

6. ባዶው ቦታ ፈላጊ አለው?

ባዶ ቦታ በሦስት ምክንያት ባዶ ይሆናል፦ ማንም ስላልፈለገው፣ ማድረስ ስለማይቻል፣ ወይም ማንም ስላላየው። ካርታው ሦስቱን አይለይም። ፍላጎትን ለማወቅ "ይህ ቢኖር ይወዳሉ?" ብለው አይጠይቁ፤ ሁሉም "አዎ" ይላል። ሻጩ 100 ነጥብ በመለኪያዎቹ ላይ እንደ ፍላጎቱ እንዲያከፋፍል ያድርጉ፤ ለአንዱ ሲጨምር ከሌላው መቀነሱ አይቀርም።

በምሳሌያችን ከ120ው ሻጮች የተገኘው አማካይ ለማረጋገጫ 29፣ ለተሰናከለ ክፍያ 24፣ ለመዝገብ 14 ነው። መዝገብ ዝቅ ስላለ ላይኛው ቀኝ ጥግ ግማሽ ፈላጊ ብቻ ያለው ይመስላል። ነገር ግን አማካዩ ሁለት ዓይነት ሰዎችን አንድ ላይ ጨፍልቋል። ብቻቸውን የሚሸጡት 78ቱ ለመዝገብ 7 ነጥብ ብቻ ሲሰጡ፣ ሠራተኛ ያላቸው 42ቱ 26 ሰጥተውታል፤ ለማረጋገጫ ደግሞ 28 እና 31። ብቻውን የሚሸጥ ሰው የቀኑን ገቢ በአእምሮው ይዞታል። ሱቁን ለሠራተኛ ትቶ የሚሄደው ግን ምን እንደገባ ማወቅ ይፈልጋል፤ ሠራተኛውም በባለቤቱ ስልክ ላይ የገባን ክፍያ ማየት ስለማይችል ወይ ይደውላል፣ ወይ የገዢውን ስክሪንሾት አምኖ ዕቃ ይሰጣል። ስለዚህ ባዶው ቦታ ለሁሉም ሻጭ ሳይሆን ለባለ ሠራተኛው ነው። 42 ሰው ጥቂት ነው፤ ከዚህ ወገን ቢያንስ 60 እስኪሞላ ጨምረው ይጠይቁ።

ለተሰናከለ ክፍያ የተሰጠው 24 ነጥብም ቀላል አይደለም፤ ብቻቸውን የሚሸጡት 27፣ ባለ ሠራተኞቹ 18 ሰጥተውታል። እዚህ ላይ ግን ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል፦ ማድረስ ይቻላል? ገንዘቡ የተያዘው በሌላ ባንክ ወይም ባንኮችን በሚያገናኘው የማቀያየሪያ ሥርዓት ከሆነ የእርስዎ አፕ መረጃውን የሚያገኘው እነርሱ ሲልኩለት ብቻ ነው። የክፍያውን ሁኔታ ወዲያው የሚመልስ ስምምነት ከሌለ "ገንዘብዎ የት እንዳለ እንነግርዎታለን" ብሎ ማስተዋወቅ የቅሬታ ስልክ መስመርን ማጥለቅለቅ ነው። በምሳሌያችን ይህ ስምምነት የለም፤ ስለዚህ ሐሳቡ በይደር ይቆያል፤ አይሰረዝም።

7. ቦታውን ቀድሞ ሊይዝ የሚችለው ማነው?

እያንዳንዱ ተፎካካሪ ወደ ባዶው ቦታ ለመድረስ ምን እንደሚጎድለው ይጻፉ። ለ ገንዘብ ሲገባ የሚናገር ድምፅ ይጎድለዋል። ይህ ግድግዳ አይሆንም፦ ሕንድ ውስጥ ፔይቲኤም ክፍያ ሲገባ በድምፅ የሚያሳውቅ ትንሽ መሣሪያ ለሻጮች ካቀረበ በኋላ ፎንፔና ጉግል ፔይም የየራሳቸውን ይዘው መጥተዋል። መ ደግሞ ድምፁ አለው፤ የሚጎድለው የቀን ሪፖርት ብቻ ስለሆነ ከሁሉም የሚያሰጋው እርሱ ነው። "ድምፅ እና ሪፖርት" ብለው ቦታውን ቢይዙ መ በአንድ ማሻሻያ አጠገብዎ ይቆማል።

ስለዚህ አቋሙን በባሕርይ ዝርዝር ሳይሆን በሁኔታው ላይ ይትከሉት፦ ባለቤቱ በሌለበት ሠራተኛው የሚያረጋግጥበት ክፍያ። ይህ ከስሩ ሌላ አሠራር ይጠይቃል። አንድ የሻጭ ሂሳብ ብዙ ስልኮችን ይይዛል፤ የሠራተኛው ስልክ ክፍያው መግባቱን ያሳያል እንጂ ቀሪ ሂሳቡን አያሳይም፣ ገንዘብም አያስወጣም፤ ሠራተኛ ሲለቅ ባለቤቱ ፈቃዱን ከራሱ ስልክ ይሰርዛል። ለአንድ ሰው አንድ ሂሳብ ተብሎ የተሠራ አፕ ይህን ለመጨመር የፈቃድ አሰጣጡን ከመሠረቱ መንካት አለበት። የአቋም መግለጫውም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል፦ "ሱቁን ለሠራተኛ ለሚተው ሻጭ፣ እያንዳንዱ ክፍያ መግባቱን ሠራተኛው በቦታው የሚሰማበት፣ ባለቤቱም ባለበት ሆኖ የሚያይበት መቀበያ።"

8. ከመሥራትዎ በፊት መልሰው ይለኩ

መግለጫውንና ሁለት የስክሪን ሥዕሎችን ይዘው ወደ 60 አዲስ ባለ ሠራተኛ ሻጮች ይሂዱና በቀድሞዎቹ ዓረፍተ ነገሮች ያስመዝኑ። ወረቀት ላይ ያለ ነገር ሁልጊዜ ከእውነተኛው ከፍ ያለ ነጥብ ያገኛል። ስለዚህ የመ አፕን ስሙን ሳይጠሩ በተመሳሳይ መንገድ ጽፈው አብረው ያስመዝኑት። መ በወረቀት በማረጋገጫ 5.4፣ በመዝገብ 3.6 ቢያገኝ፣ እውነተኛው 4.6 እና 3.1 ነበርና ግነቱ 0.8 እና 0.5 ነው። የእርስዎ ሐሳብ 5.3 እና 5.7 ቢያገኝ ግነቱ ሲቀነስ 4.5 እና 5.2 ይሆናል። የ0.4 ክቡን ጨምረው ሲያዩትም ከ3.8 እና ከ3.7 በላይ ነው፤ ላይኛው ቀኝ ገብቷል ማለት ይቻላል፤ በማረጋገጫ በኩል ግን ትርፉ ጠባብ ነው።

ነጥቡ ወደ ለ እና ሐ አጠገብ ከወረደ ሻጮቹ መዝገቡን ብቻ ሰምተዋል ማለት ነው፤ መግለጫው ከሠራተኛው ድምፅ መስማት ይጀምርና ሪፖርቱ ወደ ኋላ ይሂድ። በሁለቱም ዝቅ ካለ ሠራተኛው ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ አልገባቸውም፤ ጽሑፉን ትተው የሠራተኛውን ስክሪን ያሳዩአቸው። ማረጋገጫው ከፍ ብሎ እምነት ከ5 በታች ከወረደ ደግሞ ባለቤቶቹ ሠራተኛው ገንዘብ ማውጣት ይችላል ብለው ፈርተዋል፤ "ማየት እንጂ ማውጣት አይችልም" የሚለው ዓረፍተ ነገር ከመግለጫው ሁለተኛ መስመር ላይ ይግባና በሌሎች 60 ሰዎች ይደገም።